የድሮው ውክልና ሳይሻር አዲስ መጣ፦ ወንድሜ ቤቱን እንድሸጥለት ወክሎኛል፣ የአጎታችን ልጅ ግን የራሱን ወረቀት ይዞ ቀብድ ተቀብሏል

ሰብለ_4ኪሎ
ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ወንድሜ አሜሪካ ነው የሚኖረው። እዚህ አራት ኪሎ ካርታው በስሙ የሆነ ግቢ አለው። በ2011 ለአጎታችን ልጅ ውክልና ሰጥቶት ነበር። አሁን ተጣልተዋል። ምክንያቱን እንተወው፣ የኪራይ ብር ነው። ወንድሜ በጥር መጨረሻ ደውሎ «ከዛሬ ጀምሮ ወኪሌ አይደለህም፣ ወረቀቱን ለእህቴ ስጣት» አለው። እሱም «እሺ» አለ። ወረቀቱን ግን አልሰጠኝም።

ከዚያ ወንድሜ ለእኔ አዲስ ውክልና ላከ። የድሮውን ቀድቶ ስሙን ብቻ ነው የቀየረው። «በስሜ የሚገኘውን ማንኛውንም የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረት እንድታስተዳድር፣ እንድታከራይ፣ እንድትሸጥ፣ እንድትለውጥ» ይላል። ግቢው ውስጥ አልወጣም ያለ ተከራይ አለ። ልክሰሰው ብዬ ልደታ ስሄድ ሬጅስትራሯ ወረቀቱን ሁለቴ አንብባ መለሰችልኝ። «መክሰስ የሚል የት አለ?» አለችኝ። የለም።

ትናንት ደግሞ የባሰ ሰማሁ። የአጎታችን ልጅ ባለፈው ወር፣ ማለትም ወንድሜ በስልክ ካሰናበተው በኋላ፣ በድሮው ውክልና ቤቱን ለመሸጥ ተስማምቶ 300,000 ብር ቀብድ ተቀብሏል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አዲሱ ውክልና የድሮውን አይሽረውም ወይ? አሁን ምን ብዬ ነው እንደገና የማስጽፈው?

የሰፈር_ልጅ
አዲሱ አሮጌውን ይሽረዋል፣ አትጨነቂ። በኋላ የመጣ ያሸንፋል። በዚያ ላይ ወንድምሽ በአፉ ነግሮታል፣ እሱም እሺ ብሏል። ያለቀ ነገር ነው። ቀብዱን የተቀበለው ሌባ ነው፣ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ።

ጠበቃ_በልደታ
እህቴ ሰብለ፣ ከላይ ያለው ወንድሜ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። በወንድምሽና በአጎታችሁ ልጅ መካከል ከሆነ አዎ፣ «ወኪሌ አይደለህም» ማለት ይቻላል። ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ማንሳት ይችላል፣ ምክንያት እንኳን እንዲሰጥ አይገደድም። ችግሩ ግን እነሱ ሁለቱ አይደሉም። ችግሩ ቀብድ የከፈለው ሰውዬ ነው። እሱ የስልኩን ወሬ ከየት ይሰማል? እጁ ላይ የገባው ማኅተም ያለበት፣ ውልና ማስረጃ የተመዘገበ ወረቀት ነው።

በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ውክልና ሲሰጥ ብቻ ሳይሆን ሲሻርም መመዝገብ አለበት። መሻሩ እስካልተመዘገበ ድረስ መዝገቡ ላይ ሁለት ወኪል ቁጭ ብሏል። አንቺም አለሽ፣ እሱም አለ። አንድ ሰው ለአንድ ጉዳይ ሁለት ሦስት ወኪል ሊኖረው ስለሚችል አንቺ በመምጣትሽ ብቻ እሱ ከመዝገብ አይጠፋም። ወንድምሽ በአዲሱ ውክልና ላይ «በዚህ ቀን የተሰጠውን፣ ቁጥሩ ይህን ያህል የሆነውን ሽሬያለሁ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ጽፏል?

ሰብለ_4ኪሎ
አልጻፈም ጋሼ። ስለ ድሮው አንድም ቃል የለበትም።

ፒያሳ_ደላላው
እኔ ሃያ ዓመት ቤት ሳሻሽጥ የኖርኩ ነኝ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አሁን ገዢ ነቅቷል። የ2011 ውክልና ይዘህ ስትመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅህ «ወካዩ በሕይወት አለ ወይ?» ነው። ቀጥሎ «አልተሻረም ወይ?» ይላል። ውልና ማስረጃም ሽያጩን ከማዋዋሉ በፊት ውክልናው ተሽሮ እንደሆነ መዝገቡን ያያል። ስለዚህ ያጎትሽ ልጅ ቀብድ ተቀበለ እንጂ ሽያጩን አልጨረሰም። ጊዜ አለሽ ማለት ነው። ግን ዛሬ ነገ አትበይ። ሽያጩ ከተመዘገበ በኋላ ስም ዝውውሩ ከተጀመረ ታለቅሻለሽ።

ኮንዶ_ገዢ
ይቅርታ፣ የእኔም ጉዳይ ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። ከአንድ ሴትዮ ኮንዶሚኒየም ገዝቻለሁ። ያኔ መሸጥ ስላልተፈቀደላት ሽያጭ አልተዋዋልንም፣ «የማይሻር ውክልና» ነው የሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ በደማቁ «የማይሻር» ይላል። ስለዚህ ሰብለ፣ የድሮው ላይ «የማይሻር» የሚል ካለ ወንድምሽም መሻር አይችልም፣ ያንን አይተሻል?

ጠበቃ_በልደታ
ኮንዶ ገዢ፣ ይህንን ስነግርህ አትደንግጥ። ደማቁ ቀለም ምንም አያደርግልህም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2226 ላይ፣ ወካይ በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል ይላል። ቀጥሎም ይህን መብት የሚያስቀር ስምምነት ዋጋ የለውም ይላል። «የማይሻር» ተብሎ የተጻፈ ውክልና ነገ ጠዋት ሊሻር ይችላል።

ከዚህ የባሰውን ልንገርህ። ሴትዮዋ ብታርፍ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጣት፣ በተለየ ሁኔታ ካልተስማማችሁ በቀር ውክልናው አብሯት ይሞታል። ቤቱ የወራሾቿ ይሆናል፣ አንተም ከወራሽ ጋር ትከራከራለህ። ውክልና ለወካዩ ጥቅም የሚሠራ ሰው መሾሚያ ነው፣ ቤት መግዣ አይደለም። የከፈልክበትን ደረሰኝና የባንክ ወረቀት በደንብ ያዝ። መሸጥ የሚፈቀድበት ጊዜ ከደረሰም ቶሎ ብለህ ሽያጩን ጨርስ።

ኮንዶ_ገዢ
ኧረ! ሴትዮዋ 71 ዓመቷ ነው። ነገ ሄጄ አናግራታለሁ። አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ግን እንቅልፌን ወሰዱት።

ቨርጂኒያ_ነኝ
እኔ ከዚህ ማዶ ስለሆንኩ በዚህ በኩል ያለውን ልናገር። ሰብለ፣ ወንድምሽ የመሻሪያውን ወረቀት ኖታሪ ብቻ አስፈርሞ በፖስታ እንዳይልክ። እኔ እሱን አድርጌ እናቴ አዲስ አበባ ወረቀቱን ይዛ ስትመላለስ ከረመች። እዚህ ባንክ ውስጥ የተቀመጠ ኖታሪ መትቶ የሚሰጥሽ ማኅተም አዲስ አበባ ላይ ለብቻው ዋጋ የለውም። በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መረጋገጥ አለበት። ቀላሉ መንገድ ፓስፖርቱን ይዞ ራሱ ቀርቦ እዚያው መፈረም ነው። ከዚያ ዋናው፣ ፎቶ ኮፒው ሳይሆን ዋናው፣ ወደ አንቺ ይመጣል። አንቺ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ትወስጂዋለሽ፣ የኤምባሲውን ማኅተምና ፊርማ እነሱ ያረጋግጣሉ። ቀጥሎ ውልና ማስረጃ። ቅደም ተከተሉን ካዛባሽ ተመልሰሽ ነው የምትሄጂው።

እግረ መንገድሽን የድሮው ውክልና ቁጥርና ቀን ያስፈልገዋል። «ለእገሌ የሰጠሁትን ሽሬያለሁ» ብቻ ካለ የትኛውን እንደሆነ ፈልጎ ማግኘቱ ራስ ምታት ነው።

ሰብለ_4ኪሎ
ቁጥሩን ከየት አመጣለሁ? ወረቀቱ እሱ ጋ ነው። ወንድሜ ኮፒም አላስቀረም።

ጠበቃ_በልደታ
ተከራዩን ጠይቂው። የኪራይ ውል ሲዋዋሉ የውክልናውን ኮፒ ሳያያዝ አይቀርም። ካጣሽም ወንድምሽ ወካዩ ስለሆነ ከመዝገቡ ማውጣት ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ሬጅስትራሯ ልክ ነች። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያሠራው አስተዳደር ብቻ ነው። ጣራ ማደስ፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ የመሳሰለው። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ መታረቅ፣ መክሰስ፣ ተከሶ መልስ መስጠት፣ እነዚህ ሁሉ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ። ሕጉ በቁጥር 2205 ላይ ቆጥሮ ነው ያስቀመጣቸው። ልዩ ውክልና ደግሞ በተጻፈበት ጉዳይና ከዚያ ጉዳይ በሚከተለው ብቻ ይወሰናል። ስለዚህ «እንድትሸጥ» ስላለ ብቻ ከሥሩ «እንድትከስ» አብሮ አይመጣም።

መሸጡንስ በተመለከተ? «ማንኛውንም የማይንቀሳቀስ ንብረት እንድትሸጥ» የሚለው ይበቃል የሚል አለ፣ መሸጥ የሚለው ቃል ስላለ። አይበቃም፣ ንብረቱ ተለይቶ መነገር አለበት የሚልም አለ። እኔ በክርክሩ አልገባም፣ ምክንያቱም አንድ መስመር ጨምሮ ማምለጥ እየተቻለ መከራከር ሞኝነት ነው። እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦

«በአዲስ አበባ ከተማ፣ በዚህ ክፍለ ከተማ፣ በዚህ ወረዳ የሚገኘውን፣ የቤት ቁጥሩ ይህ፣ የካርታ ቁጥሩ ይህ የሆነውን ቤቴን በመረጠችው ዋጋ እንድትሸጥ፣ የሽያጭ ውል እንድትፈርም፣ ስም እንድታዛውር፣ የሽያጩን ገንዘብ በስሜ በተከፈተው የባንክ ሒሳብ እንድታስገባ። ይህንኑ ቤት በሚመለከት በማናቸውም ደረጃ በሚገኝ ፍርድ ቤት፣ ሰበር ሰሚ ችሎትን ጨምሮ፣ እንድትከስ፣ ስከሰስ መልስ እንድትሰጥ፣ ይግባኝ እንድትል፣ ፍርድ እንድታስፈጽም፣ እንድትታረቅ፣ ጠበቃ እንድትወክል።»

የመጨረሻዋን ቃል እንዳትረሺ። «ጠበቃ እንድትወክል» ካልተባለ አንቺ ራስሽ ችሎት ትቆሚያለሽ እንጂ ሌላ ሰው መተካት አትችይም። ስንት ሰው በዚህች ቃል ምክንያት ወረቀት እንደገና አሜሪካ ሲያስልክ አይቻለሁ።

የሰፈር_ልጅ
ገንዘቡን በራሷ ሒሳብ ብታስገባ ምን አለበት? እህቱ አይደለችም እንዴ?

ጠበቃ_በልደታ
እህት ስለሆነች ነው። የአጎት ልጅም የአጎት ልጅ ነበር። ወካይ በፈለገ ጊዜ ሒሳብ አቅርቢ ማለት ይችላል። ብሩ ቀጥታ ወደ ወንድምየው ከገባ የምታቀርበው ሒሳብም አይኖርም፣ ፀብም አይኖርም።

ሰላም_ጎፋ
ሰብለ፣ አንቺ ቤቱን ልትገዢው ነው አይደል? ወንድሜ ለእኔም እንዲህ አድርጎ ነው የሰጠኝ፣ ወክሎኝ ለራሴ ሸጥኩት፣ ችግር የለውም፣ ፈረምኩና አለቀ።

ሰብለ_4ኪሎ
አይ፣ እኔ አልገዛም፣ ለሌላ ሰው ነው የምሸጠው።

ጠበቃ_በልደታ
ሰላም፣ አንቺ በአንድ በኩል ሻጭ በሌላ በኩል ገዢ ሆነሽ ፈርመሽ ከሆነ ወንድምሽ ባወቀ በሁለት ዓመት ውስጥ ማፍረስ ይችላል። ተስማምታችሁ ከሆነ ውሉን አጽድቄዋለሁ የሚል ወረቀት ከኤምባሲ አስልኪ። አሁን ፍቅር ላይ ናችሁ፣ አሁን ነው የሚጻፈው።

ሰላም_ጎፋ
እኛ አንጣላም 😅 ግን እነግረዋለሁ።

ቨርጂኒያ_ነኝ
ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅ። ወንድሟ ባለትዳር ከሆነስ? እኔ የላክሁ ጊዜ ባለቤቴንም አስፈርመውናል።

ጠበቃ_በልደታ
ጥሩ አነሳሽ፣ ረስቼው ነበር። በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። ሚስት ሳትስማማ ከተሸጠ፣ ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች። ቤቱ ከትዳር በፊት የተገኘ የግል ንብረት ቢሆን እንኳን ያንን የሚያሳይ ወረቀት መኖር አለበት። ስለዚህ ሰብለ፣ ባለትዳር ከሆነ ባልና ሚስቱ አብረው ኤምባሲ ሄደው ይፈርሙ። ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል፣ አብሮ ይላክ።

ሰብለ_4ኪሎ
አግብቷል። ቤቱ ግን ከትዳር በፊት ነው። ሚስቱም ትፈርማለች፣ እሷ ነች እንዲያውም ሽጡት የምትለው።

ስለ ቀብዱስ? 300,000ው ማንን ነው የሚመለከተው?

የሰፈር_ልጅ
ቀብድ የተቀበለው ሰው ነው የሚመልሰው፣ ሌላ ማን?

ጠበቃ_በልደታ
እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ጥያቄው ተቀባዩ ማነው የሚለው ነው። ገዢው «እኔ የተመዘገበ ውክልና አይቼ ነው፣ የተቀበለው ወንድምሽ ነው፣ ወኪሉ እጁን ብቻ ነው የዘረጋው» ይላል። አንቺ «በስልክ ተሽሮ ነበር» ትያለሽ። ወረቀቱን ከወኪሉ እጅ ሳይቀበል፣ ለማንም ሳያሳውቅ የተቀመጠ ወካይ ለሦስተኛ ወገን ተጠያቂ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። ያ ያስፈራኛል።

በሌላ በኩል የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት፣ ቁጥር 1723 ነው። በቀብድ ወረቀት ላይ ሦስት ምስክር ፈርሞ ብቻ ከሆነ እሱ ራሱ መከራከሪያ ነው። ወረቀቱን ሳላይ ማውራት አልችልም። ሌላው፣ የድሮው ውክልና ከአንቺው ጋር አንድ ዓይነት ነው ብለሻል። ጠቅላላ ነው ከተባለ እሱም ያለ ሥልጣን ነው የተዋዋለው። እንግዲህ ወንድምሽ የሚጠቀመው በዚህ ነው፣ ግን ተጠንቅቃችሁ አንሱት፣ ምክንያቱም ያው መከራከሪያ የአንቺንም አሁን ያለውን ወረቀት ያፈርሳል።

ለጊዜው ሦስት ነገር አድርጊ። መሻሪያው እስኪመጣ ሳትጠብቂ ወንድምሽ ለአጎታችሁ ልጅ በጽሑፍ፣ በቴሌግራምም ቢሆን፣ ቀን ያለው መልእክት ይላክለት፣ አይቶታል የሚለውን ምልክት ፎቶ አንሺው። ለገዢውም ራስሽ ሂጂና ንገሪው፣ ብታውቂው። ለክፍለ ከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ደግሞ «በዚህ ካርታ ላይ በእገሌ ውክልና ስም ዝውውር እንዳይደረግ» ብላችሁ ማመልከቻ አስገቡ። ደብዳቤ ብቻ አይቀበሉም ይባላል፣ የፍርድ ቤት እግድ ይጠይቃሉ። ቢሆንም ማኅተም አስመትተሽ ኮፒሽን ያዢ፣ ነገ «አላወቅንም» እንዳይሉ።

ሰብለ_4ኪሎ
*(ከሰባት ሳምንት በኋላ)*
እንዴት ሰነበታችሁ። ውጤቱን ላሳውቅ ብዬ ነው።

የድሮውን ኮፒ ጋሼ እንዳሉት ከተከራዩ አገኘሁ። ሰውየው እየሳቀ ነው የሰጠኝ፣ ፍርድ ቤት ልወስደው መሆኑን አላወቀም። በነገራችን ላይ የአምስት ዓመት ኪራይ ነው ያጎታችን ልጅ የፈረመለት። መሻሪያው ከነቁጥሩ ከኤምባሲ መጣ። ውጭ ጉዳይ አንድ ጠዋት ፈጀ፣ ውልና ማስረጃ ሁለት ቀን፣ ሲስተም ጠፍቶ። አዲሱም ውክልና ጋሼ በጻፉት ቃል መጥቷል፣ ባልና ሚስት ፈርመውበታል። ልደታ ሬጅስትራሯ ያቺው ነበረች፣ አንብባ «አሁን ሆነ» አለችኝ። በእህትነትሽ የዝምድና ማስረጃ አምጪ ብላኝ ከወረዳ አወጣሁ።

የአጎታችን ልጅ ግን የድሮውን ዋና ወረቀት «ጠፍቶብኛል» ይላል። ቀብዱንም «ለወንድምሽ ልኬለታለሁ» ይላል። ወንድሜ አልደረሰኝም ይላል። ገዢው ደግሞ ጠበቃ ይዟል።

ጠበቃ_በልደታ
ጎበዝ። ዝምድናው ላይ ልክ ነች፣ ያለ ክፍያ ችሎት የሚቆሙት ዘመዶች በሕጉ የተቆጠሩ ናቸው፣ እህት አለችበት፣ የአጎት ልጅ የለም። የአምስት ዓመቱን ኪራይ ለዚያ ችሎት ያዢው፣ ከሦስት ዓመት በላይ ያለውን ልታነሺበት ትችያለሽ።

ጠፋ የሚለውን አትመኚ። ጠፍቶብኛል ብሎ በጽሑፍ ይፈርምልሽ። ካልፈረመ ፍርድ ቤት አመልክቺና ወረቀቱን እንዲመልስ ይታዘዝ። ልኬያለሁ ካለ ደግሞ የባንክ ደረሰኝ ያሳይ፣ 300,000 ብር ዝም ብሎ በአየር አይሄድም። የገዢው ጠበቃ ማነው? በውስጥ ጻፊልኝ።

ሰብለ_4ኪሎ
እሺ ጋሼ፣ አሁን እጽፍልዎታለሁ። ሰኞ ልደታ ነኝ።

ኮንዶ_ገዢ
ሰብለ እንኳን ደስ አለሽ። ሴትዮዋ እሺ ብላኛለች፣ ግን ልጇ «መጀመሪያ ጭማሪ ይከፈለን» እያለ ነው። ጋሼ፣ በውስጥ ልጻፍልዎት?